የድርጅት የባንክ ሂሳብ ሲቀየር ለደንበኛ እንዴት ይነገራል?

ጥያቄ፦ «የግንባታ ዕቃ አከፋፋዮች ነን። ሂሳባችንን ወደ ሌላ ባንክ ልናዛውር ነው። 60 ገደማ የዱቤ ደንበኞች አሉን። አዲሱን ቁጥር በቴሌግራም ብንልክላቸው ይበቃል? አጭበርባሪ መስለናቸው እንዳይፈሩስ?»

ቢፈሩ ደግ ነው። የእናንተ ሥራ ፍርሃታቸውን ማጥፋት ሳይሆን የሚያጣሩበትን መንገድ መስጠት ነው። ቴሌግራም ብቻውን አይበቃም፤ ሌባውም የሚልከው እንዲሁ ነውና። የተለመደው ዘዴ ይህ ነው፦ የአንዳችሁን ኢሜይል ሰብሮ ይገባል፣ ማን ስንት እንዳለበት ያያል፣ የክፍያው ቀን ሲደርስ «ሂሳባችን ተቀይሯል» የሚል፣ የእናንተው አርማና ማኅተም የተቀዳበት ደብዳቤ ይልካል። ከግርጌው ያለው ስልክ የራሱ ነው። ደንበኛው ደውሎ ቢጠይቅ «አዎ፣ ትክክል ነው» የሚለው ሌባው ራሱ ይሆናል።

ስለዚህ ደብዳቤያችሁ ላይ ለማጣሪያ የሚሆን ስልክ አትጻፉ። «በውላችን ወይም በቀድሞ ደረሰኞቻችን ላይ ባለው ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ» በሉ። ሲደወል ደግሞ አዲሱን የሂሳብ ቁጥር ከደብዳቤው ላይ የሚያነበው ደንበኛው ይሁን፤ የእናንተ ሰው ይከታተል። እናንተ ብታነቡለት ደንበኛው ሳያመሳክር «እሺ» ብሎ ሊዘጋ ይችላል። እሱ ሲያነብ ግን የተለወጠ አኃዝ ወዲያው ይታያል፤ በስማችሁ ሐሰተኛ ደብዳቤ እየዞረ መሆኑንም ታውቃላችሁ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የሂሳቡ ስም ነው። ሱቁ ላይ የተሰቀለው የንግድ ስም ሆኖ ሂሳቡ በባለቤቱ ስም ወይም በኃ.የተ.የግ.ማ. ስም የተከፈተ ከሆነ፣ ደንበኛው በሞባይል ባንኪንግ ቁጥሩን ሲያስገባ የማያውቀው ስም ይመጣበትና ያቆማል። ማቆሙም ልክ ነው። ስሙን መተግበሪያው ላይ እንደሚታየው ፊደል በፊደል ጻፉለት፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ከሆነ የሚታየው በዚያው።

የመጀመሪያው ክፍያ በሁለት ይከፈል። 180,000 ብር ያለበት ደንበኛ መጀመሪያ 100 ብር ይላክ፣ በዚያው በድሮው ስልክ ደውሎ መድረሱን ይጠይቅ፣ ከዚያ 179,900 ይላክ። ትንሽ የማስተላለፊያ ክፍያ ይጨምር ይሆናል፤ ከዕዳው አንጻር ግን ምንም አይደለም።

ደብዳቤውን ቢቻል ከወር በፊት በሰው እጅ አድርሱ፤ ቅጂው ላይ ተቀባዩን አስፈርሙ። በድርጅቱ ስም በተጻፈ ቼክ ወይም ሲፒኦ ለሚከፍሉት የሚለወጥ ነገር ስለሌለ ያንኑ ንገሯቸው። የድሮውን ሂሳብ ቢያንስ ሦስት ወር አትዝጉ፤ ደብዳቤውን ሳያይ የሚልክ አይጠፋም፣ ተዘግቶ ከጠበቀው ገንዘቡን ማስመለስ ጣጣ አለው። የድሮው ቁጥር የታተመባቸውን ጥራዞችም ከሽያጭ ሠራተኞች እጅ ሰብስቡ። ደብዳቤው አንድ፣ ደረሰኙ ሌላ ቁጥር ካሳየ ደንበኛው የሚጠረጥረው ደብዳቤውን ነው።