ሦስተኛው መስመር

ሰሞኑን አንድ ተማሪ የፕሮባብሊቲ ፈተናው ላይ ለአንድ መልስ የተሰጠው ማርክ አንሶበት «መምህሬን እንዴት ብዬ በደብዳቤ ልጠይቅ?» አለኝ። ወዲያው አልመለስኩለትም። አንድ የቆየ ደብዳቤ ትዝ አለኝ።

ገና ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ነው። ጥያቄው 8 ማርክ ይይዛል። 10 አምፖሎች አሉ፤ 3ቱ የተቃጠሉ ናቸው። የወጣው ሳይመለስ 2 አምፖሎች በዘፈቀደ ቢወጡ፣ ቢያንስ አንዱ የተቃጠለ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? አጭሩ መንገድ ሁለቱም ደህና የሚሆኑበትን ዕድል አስልቶ ከ1 መቀነስ ነው። 7/10 በ6/9 ሲባዛ 42/90 ይሆናል። ከ1 ሲቀነስ መልሱ 48/90 ነው።

አንድ ተማሪዬ መጨረሻ ላይ የጻፈው 42/90 ነበር። «አሃ፣ ይሄ ከ1 መቀነሱን ረስቷል» አልኩና 2 ሰጥቼ አለፍኩ። መሽቷል፤ ያልታረመ ወረቀት ተከምሮ ይጠብቀኛል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ደብዳቤው መጣ። «መምህር፣ ጊዜዎን ስለምሻማ ይቅርታ። ሦስተኛው መስመር ላይ 7 በ6ን 48 ብያለሁ። ስህተቱ የእኔ ነው። ነገር ግን 6/9 ያልኩት የመጀመሪያው አምፖል ስላልተመለሰ ነው። አራተኛው መስመር ላይም ከ1 ቀንሻለሁ። ለአካሄዱ የሚሰጥ ማርክ ካለ ቢያዩልኝ።»

ልብ በሉ። 7 በ6ን 48 ያለ ሰው ከ1 ሲቀንስ 42/90 ያገኛል። በትክክል አባዝቶ መቀነሱን የረሳም እዚያው 42/90 ላይ ያርፋል። አንዱ የማባዛት ሠንጠረዥ ነው የሳተው። ሌላው የተጠየቀውን ትቶ ተቃራኒውን መልሷል። መጨረሻውን ብቻ ያየ አይለያቸውም። ለመጀመሪያው ዛሬ 7 እሰጠዋለሁ።

ያኔ ግን ወረቀቱን እንኳ አላወጣሁትም። ልመና መሰለኝ። «የተሰጠ ማርክ አይቀየርም» ብዬ መለስኩ። ልጁም አመስግኖኝ ሄደ። ማመስገኑ ነው እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ። ዓመቱ አልቆ ቁም ሳጥኔን ሳጸዳ ወረቀቱ እጄ ገባ። ሦስተኛው መስመር ልክ እንዳለው ነበር። ውጤቱ ግን ተዘግቷል፤ ልጁም ተመርቆ ሄዷል።

የዛሬ ልጆች እኩለ ሌሊት ላይ «ቲቸር፣ 3 ማርክ ብቻ ጨምሩልኝ፣ ስኮላርሺፕ ሊያመልጠኝ ነው» ብለው በስልክ ይልካሉ። ስኮላርሺፑ ወረቀቱ ላይ የለም፤ ምኑን ልይላችሁ? የጥያቄውን ቁጥርና መስመሩን ንገሩኝ። የሳታችሁትን ቀድማችሁ እመኑ፣ ትክክል የሆነውንም ለይታችሁ አሳዩ። ስንት ማርክ እንደሚገባችሁ ግን አትወስኑልኝ። ደግሞም እንደገና የታየ ወረቀት ማርክ ሊቀንስም ይችላል። ሌላ ቦታ በስህተት የሰጠሁት ካለ ዓይኔ ያርፍበታል።

ትሕትናውስ? ያስፈልጋል እላለሁ ሁሌም። ግን ያ ልጅ ትንሽ ቆጣ ብሎ፣ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ «ወረቀቱን ያውጡት» ቢለኝ ኖሮ አወጣው ነበር መሰለኝ።

ለጠየቀኝ ተማሪ ማታ ላይ መለስኩለት። «መጀመሪያ አንተ ራስህ የትኛው መስመር ላይ እንደሳትክ ፈልግ» አልኩት። እስካሁን አልጻፈልኝም።