የዘይት መብራት በርቶ መንዳት

«አምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ቀዩ የዘይት መብራት በራ። ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ፤ ጎንደር ድረስ ነድቼ ሞተሩ ቢበላሽ ይከፍሉኛል?»

አይከፍሉህም ብለህ አስብ። ሙሉ ኢንሹራንስ በተለምዶ ግጭትን፣ መገልበጥን፣ እሳትንና ስርቆትን ነው የሚሸፍነው፤ ሞተር በራሱ ሲበላሽ አይመለከተውም። ምልክት እያየህ መንዳትህ ደግሞ ክርክርህን ያዳክመዋል።

አሁኑኑ ዳር ይዘህ ደልዳላ ቦታ ላይ ቁምና ሞተሩን አጥፋ። መብራቱ የሚናገረው ስለ ዘይት ግፊት ነው፤ ግፊት ከሌለ የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ብሮንዚና በደቂቃዎች ውስጥ ይበላል። ጥቂት ደቂቃ ጠብቅና ዘይቱን ለካ። ከጎደለ ጨምር። አስነስተኸው መብራቱ ወዲያው ካልጠፋ፣ ወይም ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ከበራ፣ መኪናው ተጎትቶ ይሂድ። ወጪው መራራ ነው፤ ከሞተር ግን ይረክሳል።

አንድ ነገር ልብ በል፦ ኩርባ ላይ አታቁም፤ አንጸባራቂውን ሦስት ማዕዘን ራቅ አድርገህ አስቀምጥ። ያለ ምልክት የቆመ መኪና ላይ ሌላው ቢጋጭ ጥፋቱ ወደ አንተም ይዞራል።