ጥያቄና መልስ፦ ለኬጂ መምህርነት ማመልከቻ የሚጻፈው «የማስተማር ፍልስፍና»

ፒያሳ አካባቢ ለዓመታት ኬጂ አስተምሬያለሁ። አሁን ማመልከቻ አንባቢ ሆኛለሁ። ጠይቁ።

ተመራቂዋ፦ ቲቸር፣ «ልጅን ማዕከል ባደረገ ትምህርት አምናለሁ» ብዬ ጀመርኩ። ይበቃል?

አይበቃም። ሁላችሁም እንደዛ ነው የምትጀምሩት። ልምምድ ላይ ያየሽውን አንድ ልጅ ጻፊ። ስሙን አትጥሪ።

ተመራቂዋ፦ እስከ ሃያ በቃሉ የሚቆጥር ልጅ ነበር። ሰባት ቆርኪ ስሰጠው ግን «አሥር ነው» አለኝ። ይሄ ይጻፋል?

እሱ ነው እንጂ የሚጻፈው! የቁጥሮቹን ስም ይዟል፤ ለአንድ ቆርኪ አንድ ቁጥር መስጠቱ ገና ነው። ጣቱ ሳይደርስ አፉ ይሮጣል። አንቺስ ምን አደረግሽ?

ተመራቂዋ፦ የእንቁላል ካርቶን ሰጠሁት። አንድ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ቆርኪ እያስገባ ቆጠረ። በሦስተኛው ቀን ሰባት አለ። ካርቶኑን ስወስድበት ግን ተሳሳተ። መጨረሻውን ልተወው?

እንዳትተዪው! እሱ ነው እውነተኛ የሚያደርገው። ቃለ መጠይቅ ላይ «ከዚያስ?» ይሉሻል። ቆርኪዎቹን ደርድሮ፣ የቆጠረውን ወደ ጎን እየገፋ እንዲቆጥር አደርጋለሁ በይ። እምነትሽን ከዚህ በኋላ አንድ መስመር አድርጊው፦ ስህተቱ ልጁ የት እንደደረሰ ይነግረኛል። ከፊት ካስቀመጥሽው ግን መፈክር ይሆናል።

ከአራት ኪሎ፦ የልጆች አስተሳሰብ እድገት ተመራማሪዎቹ ፒያጄና ቪጎትስኪ ካልተጠቀሱ ማን ቁም ነገር ይለዋል? እኔ በነሱ ነው የገባሁት።

ቪጎትስኪ እዚህ ይገባል። ልጁ ብቻውን ያቃተውን በካርቶኑ እገዛ ቻለ። አንድ ዓረፍተ ነገር። ፒያጄን ለጌጥ አታምጡት።

እናት ነኝ፦ ልጄ አራት ዓመቱ ነው፤ የኬጂ ክፍያ ስንት ነው?

ቦታው አይደለም እህቴ።

የካዛንቺሷ፦ ወላጅ የሚፈልገው የቤት ሥራ ነው። ቆርኪ ቆርኪ ስትል ማን ይቀጥራታል?

ከአራት ኪሎ፦ እና ትዋሽ?

የካዛንቺሷ፦ መዋሸት አላልኩም! እኔ የምሠራበት ዳይሬክተሯ ራሷ ደብተር ትቆጥራለች።

ተረጋጉ። ወላጅ ደብተር ሲጠይቅ ምን እንደምታሳዪ ጻፊ። ልጁ ሰኞና ሐሙስ የቆጠረውን ቀን ጽፈሽበት የያዝሽው ወረቀት ካለ ይበቃል። ትምህርት ቤቱ ሊጠላው ይችላል፤ እሱን አላውቅልሽም።

አዲስ ገቢ፦ በአማርኛ ወይስ በእንግሊዝኛ? እንዴት ነው የሚጀመረው?

ማስታወቂያው በወጣበት ቋንቋ። ከአንድ ገጽ አይለፍ። አጀማመሩን ከላይ አንብብ እንጂ!

የካዛንቺሷ፦ ክፍሉ ሃምሳ ልጅ ቢሆንስ? ለአንዱ ካርቶን ሰጥታ ሌሎቹስ?

ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ልጄ፣ ሌሎቹ የት ነበሩ?

ተመራቂዋ፦ ከረዳቷ ጋር ሥዕል ላይ።

ጻፊዋ እንግዲህ። ረዳት ባይኖርስ?

ተመራቂዋ፦ እሱን አላሰብኩበትም።

ቃለ መጠይቁ ሳይደርስ አስቢበት። መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።