40 ስላይድ ሆኖ ክሩ እንዳይበጠስ

ጥያቄ፦ «ስለ ጣና እምቦጭ ላቀርብ ነው። አንድ ሐሳብ ለአንድ ስላይድ ስል 40 ስላይድ ሆነብኝ፤ ተያያዥነቱም ጠፋ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ብዛቱ አያስጨንቅህ፤ ርእሶችህን እያቸው። «የእምቦጭ ጉዳት» ገና ሐሳብ አይደለም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርገው።

ከዚያ ርእሶቹን ብቻ ወረቀት ላይ በተርታ ጻፍና በየመሃሉ «ስለዚህ»፣ «ግን» ወይም «ምክንያቱም» አስገባ። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ሳቀርብ እንዲህ ወጣልኝ፦ «እምቦጩ የጀልባ መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ገበሬው በእጁ ይነቅለዋል። ግን ተመልሶ ይበቅላል። ምክንያቱም ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል።» አራት ስላይድ፣ አንድ ክር።

ከ«ደግሞ» ሌላ ምንም የማይገባበት ቦታ ካገኘህ ክሩ የተበጠሰው እዚያ ጋ ነው። ወይ ቦታ ቀይርለት፣ ወይ አውጣው። እኔ የእምቦጩን ሐምራዊ አበባ የሚያሳይ ስላይድ ነበረኝ፤ ስታምር! ከ«ደግሞ» በቀር ምንም አልገባላት አለ። እያዘንኩ አወጣኋት።

አያያዡን ቃል ስላይዱ ላይ አትጻፈው፤ ቀጣዩን ከመጫንህ በፊት በአፍህ በለው። «ነቀልነው፤ ግን...» ትልና ትጫናለህ።

ለ40ው ደግሞ ምዕራፍ በተቀየረ ቁጥር ያንኑ የሐይቁን ካርታ መልሰህ አሳይ፤ የደረስክበትን ክፍል ብቻ አድምቀው።