መልስን መቀየር መቼ ይገባል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነኝ። መምህራችን «መጀመሪያ የመረጣችሁትን አትነካኩ» ይሉናል። ባለፈው የሞዴል ፈተና ትክክለኛ መልስ ይዤ ቀይሬ የሳትኳቸው ጥያቄዎች እስካሁን ያንገበግቡኛል። ምክራቸውን ልከተል?

መልስ፦ ምክሩ በቅንነት የሚሰጥ ቢሆንም፣ የፈተና ወረቀቶችን የመረመሩ ጥናቶች አይደግፉትም። በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጀስቲን ክሩገርና ባልደረቦቹ ከ1,500 በላይ የሥነ ልቦና ፈተና ወረቀቶች ላይ የላጲስ ምልክት እየፈለጉ የተቀየሩትን መልሶች ቆጥረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ውጤት መሠረት፣ ከተቀየሩት መልሶች 51 በመቶ ያህሉ ከስህተት ወደ ትክክል፣ 25 በመቶ ያህሉ ደግሞ ከትክክል ወደ ስህተት የሄዱ ሲሆኑ፣ የቀሩት ከአንዱ ስህተት ወደ ሌላው የተዛወሩ ናቸው።

ተቃራኒው እውነት የሚመስለን ቁጭት በማስታወስ ላይ ስለሚያይል ነው። ቀይረሽ ያገኘሽውን ነጥብ የሚገባሽ አድርገሽ ስለምትቆጥሪው ወዲያው ትረሺዋለሽ፤ በእጅሽ ገብቶ የነበረውን ነጥብ በገዛ ላጲስሽ ስታጠፊው ግን «ምነው ባልነካሁት» እያልሽ ትከርሚያለሽ። ሆኖም ጥናቱ የቆጠረው ተማሪዎቹ ራሳቸው ሊቀይሯቸው የወሰኑትን መልሶች ብቻ ስለሆነ፣ የመለሽውን ሁሉ እንድትጠራጠሪ ፈቃድ አይሰጥሽም። ከአራት ለውጦች አንዱ ትክክለኛ መልስ ማሳጣቱም ቀላል ጉዳት አይደለም።

ጥያቄ፦ «አንድ መኪና የመንገዱን ግማሽ ርቀት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር፣ ቀሪውን ግማሽ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ 48ን አጥቁሬ ነበር። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ወደ 50 ቀየርኩትና ተሳሳትኩ። መቀየር የሚጠቅም ከሆነ እኔ ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ጥፋቱ ያለማስረጃ መቀየርህ ላይ ነው። 48 በሒሳብ የተገኘ መልስ ነው፤ ግማሹ መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ነው ብንል፣ የመጀመሪያው ግማሽ 3 ሰዓት፣ ሁለተኛው 2 ሰዓት ስለሚፈጅ፣ 240 ኪሎ ሜትር ለ5 ሰዓት ሲካፈል 48 ይመጣል። ወደ 50 የሳበህ ግን ቁጥሩ በ40 እና በ60 መካከል እኩል መቀመጡ እንጂ ከመጀመሪያው ስሌት ውስጥ ያገኘኸው ስህተት አልነበረም፤ የሰዓቱ ማለቅም ስለ መኪናው ፍጥነት የሚነግርህ ነገር የለም።

ነገሩን ገልብጠን እንየው። በጥድፊያ 50ን አጥቁረህ፣ ተመልሰህ ስታነብ ግማሽ የተባለው ርቀቱ እንጂ ጊዜው አለመሆኑን ብታስተውል፣ ወደ 48 ለመቀየር በቂ ማስረጃ ይኖርህ ነበር፤ ጥያቄው «ግማሹን ጊዜ» ቢል ኖሮ 50 ትክክል ይሆን ነበርና። ያላየኸው ቃል፣ የዘለልከው «አይደለም»፣ የተሳሳተ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ወይም አንድ ሌላ ጥያቄ ያስታወሰህ ቀመር መልስን ለመቀየር የሚበቁ ምክንያቶች ናቸው። ላጲሱን ከማንሳትህ በፊት የቀድሞው መልስ ለምን እንደተሳሳተ በማስሊያ ወረቀትህ ላይ በአንድ መስመር ለመጻፍ ሞክር፤ የምትጽፈው ካጣህ መልሱን ባለበት ተወው።

ጥያቄ፦ ልጄ አምስት መልሶች ተከታትለው «ሲ» ሲሆኑበት ደንግጦ አንዱን ይቀይራል። ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ አይደለም፤ የፊደላቱ መደጋገም ስለ ጥያቄው ይዘት ምንም አይናገርም። ይልቅስ አንድ ጥያቄ ዘልሎ ከሆነ፣ በመልስ መስጫው ወረቀት ላይ ተራ ቁጥሩ እንዳልተዛባ ያረጋግጥ። ተዛብቶ ከተገኘ የሚታረመው የተጠቆረበት ቦታ ነው፤ የመረጠው መልስ አይነካም።

ጥያቄ፦ ስጨርስ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይተርፈኛል። ወደ የትኞቹ ጥያቄዎች ልመለስ?

መልስ፦ ያንን መወሰን ያለብሽ መልሱን በምትሰጪበት ቅጽበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የጀስቲን ካውችማንና የባልደረቦቹ ጥናት፣ ተማሪዎች በእያንዳንዱ መልስ ላይ ያላቸውን እርግጠኝነት እዚያው እንዲመዘግቡ አድርጎ፣ ምዝገባው የትኛው መልስ መከለስ እንዳለበት በመለየት ጥሩ መሪ ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ በግምት የመለሽው ጥያቄ አጠገብ፣ በጥያቄው ወረቀት ላይ መጻፍ የሚፈቀድ ከሆነ፣ ትንሽ ነጥብ አድርጊ፤ ጊዜ ሲተርፍሽ ነጥብ ካለባቸው ጀምሪ፤ አስልተሽ ያረጋገጥሻቸውን በመጨረሻ ተመልከቻቸው።

በልምምድ ወቅት ደግሞ የቀየርሻቸውን ሁሉ መዝግበሽ፣ ስንቱ እንዳተረፈልሽና ስንቱ እንዳሳጣሽ በየትምህርት ዓይነቱ ቁጠሪ። በአንዱ ትምህርት ኪሳራው ከበዛ፣ እነዚያን ጥያቄዎች አውጥተሽ ምን እንዳስቀየረሽ ጎናቸው ላይ ጻፊ፤ ብዙውን ጊዜ ከአዲስ ስሌት ይልቅ «ይኼኛው ይሻላል መሰለኝ» የሚል ስሜት ሆኖ ታገኚዋለሽ።