የውጭ ስሞችና የተውሶ ቃላት አጻጻፍ፦ የመጨረሻው ፊደል ነገር

ጥያቄ፦ «አንዱ ዘጋቢ ‹ፕሬዝዳንት›፣ ሌላው ‹ፕሬዚዳንት›፣ ሦስተኛው ‹ፕሬዘዳንት› ይጽፋል። የውጭ ሰዎች ስምም በአንድ ዜና ውስጥ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይመጣልኛል። አርታኢዎች ይህን እንዴት ነው ወጥ የምታደርጉት?»

የውጭ ዜና ለዓመታት ሳርም እንደታዘብኩት፣ ከባዱ ሥራ ከአጻጻፎቹ አንዱን መምረጥ ሳይሆን የተመረጠውን በጽሑፉ ሁሉ ማስከበር ነው። ለምርጫው የምከተለው መንገድ አጭር ነው። በአማርኛ የቆየ ስም እንደቆየ ይጸናል፤ ፈረንሳዮች «ፓሪ» ቢሉም እኛ «ፓሪስ» እንላለን። አዲስ ስም ከሆነ ግን ባለቤቱ በቋንቋው እንደሚጠራው እንጂ እንግሊዝኛው እንደሚያስነብበው አልጽፈውም። «ፕሬዚዳንት»ን የመረጥኩት ሳድሷ «ዝ» አናባቢ ይኑራት አይኑራት አንባቢው እንዳይገምት ብዬ ነው፤ ባልደረባዬ «ፕሬዝዳንት»ን ቢመርጥ ግን አልሟገተውም፣ በአንድ ዝግጅት ክፍል አንዱ ብቻ ይሁን እንጂ።

ማስከበሩ የሚከብደው አማርኛ ቅጥያን ከቃሉ ጋር አጣብቆ ስለሚጽፍና ቅጥያው የቃሉን የመጨረሻ ፊደል ስለሚለውጥ ነው። በአንድ ወቅት «ፕሬዝዳንት»ን በኮምፒውተር ፈልጌ በ«ፕሬዚዳንት» ስተካ፣ «ፕሬዝዳንቱ» እና «ፕሬዝዳንቶች» ሳይነኩ ቀርተው ዜናው በሁለት አጻጻፍ ታተመ፤ «ት» እዚያ «ቱ» እና «ቶ» ሆና ስለነበር ፍለጋው አላገኛትም። ከዚያ ወዲህ ቃሉን ከመጨረሻው ፊደል በፊት ቆርጬ፣ የሚለዋወጡትን ፊደላት በቅንፍ አስገብቼ እፈልጋለሁ። በLibreOffice Writer የመፈለጊያ መስኮት ውስጥ «Regular expressions» የሚለውን ከመረጡ በኋላ የሚጻፈው ይህ ነው፤ የመጀመሪያው መስመር የሚፈለገው፣ ሁለተኛው የሚተካው ነው፦

```
ፕሬ[ዘዝ][ዳደ]ን
ፕሬዚዳን
```

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመተካት ግን አንድ በአንድ እያዩ ማለፍ ይሻላል፤ ድርጅት ራሱ በአማርኛ ስሙን የሚጽፍበት አጻጻፍ ሊነካ አይገባምና።

ይህ መላ የማይፈታው አንድ ችግር አለ፤ እሱም የተሳቢዋ «ን» ነው። የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ስም አንዳንዱ በፈረንሳይኛው ድምፅ «ማክሮ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ማክሮን» ይላል። የመጀመሪያው ዘጋቢ ስሙን ተሳቢ ሲያደርገው «ማክሮን» ይሆንበታል፣ የሁለተኛው «ማክሮንን» ይሆናል። ሁለቱ በአንድ ዜና ሲገናኙ «ማክሮን ተቀበሉ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ተቀባዩ እሳቸው ይሁኑ ወይስ ሌላ ሰው እሳቸውን ይቀበል አይታወቅም። ለእኔ ይህ ከፊደል ምርጫ ያለፈ የመረጃ ስሕተት ነው። ስለዚህ የስም መዝገባችን ውስጥ በ«ን» የሚያልቅ ስም ሁሉ ከተሳቢው ጋር ይመዘገባል፦ «ማክሮን፣ ማክሮንን»፤ «ፑቲን፣ ፑቲንን»፤ «ኤርዶጋን፣ ኤርዶጋንን»። ፍለጋው ስሞቹ ያሉበትን ቦታ ያሳየኛል፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ የማረጋግጠው ግን ግሱን አንብቤ፣ ስጠራጠርም ዘጋቢውን ጠይቄ ነው።