«በረድኩ» ወይስ «በረደኝ»? የአንዲት ልጅ ጽሑፍ ሲታረም

የእህቴ ልጅ ተወልዳ ያደገችው ውጭ አገር ነው። ክረምቱን ደብረ ብርሃን እኛ ጋ መጥታ ይህን ጻፈች። ስህተቱ ይሰማኛል፤ ግን ለምን ስህተት እንደሆነ ማስረዳት አቃተኝ። መምህር፣ ያርሙልኝ?

አርማለሁ፤ ሌሎችም የሚጠይቁኝን ከታች በየተራ እመልሳለሁ። መጀመሪያ እሷ እንደጻፈችው ላስቀምጠው። ቁጥሮቹን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ተመሳሳይ ቁጥር ማለት ያው ስህተት ተደገመ ማለት ነው።

«አያቴ ደብረ ብርሃን ይኖራሉ። በጠዋት ተነስታ (1) ቡና ታፈላለች (1)። እኔ ሁለት ወንድሞች አለሁ (2)። አንዲት እህትም አለሁ (2)። ሌሊት በጣም በረድኩ (3)። እህቴም በረደች (3)። ቅዳሜ እኔና እህቴ ገበያ ሄዱ (4)።»

ሲታረም እንዲህ ይሆናል፦

«አያቴ ደብረ ብርሃን ይኖራሉ። በጠዋት ተነስተው ቡና ያፈላሉ። እኔ ሁለት ወንድሞች አሉኝ። አንዲት እህትም አለችኝ። ሌሊት በጣም በረደኝ። እህቴንም በረዳት። ቅዳሜ እኔና እህቴ ገበያ ሄድን።»

ሰባት ቦታ ተሳስታለች፤ ምክንያቶቹ ግን አራት ብቻ ናቸው። ቁጥር 1 ቀላል ነው። ልጅቷ «ይኖራሉ» ብላ በአንቱታ ጀመረች። አንዴ በአንቱታ ከተጀመረ እስከ መጨረሻው በዚያው ነው የሚኬደው። «ተነስታ» የሚለው ትንሽ ግስ ሳይቀር «ተነስተው» መሆን አለበት። አያቷን «እሷ» እያለች መጻፍ ከፈለገች ደግሞ «ትኖራለች» ብላ ትጀምር። ብዙ የልጅ ልጆች እንደዚያ ይጠራሉ፤ ነውር የለውም። ስህተቱ መቀላቀሉ ነው።

ዋናው ቁጥር 3 ነው። ልጅቷ የምታስበው «በረደ» እንደ «ሄደ» ነው ብላ ነው። ሄድኩ ካልን፣ በረድኩ። ሄደች ካልን፣ በረደች። ግን «በረደች» ሲባል እኛ የምንሰማው የቀዘቀዘ ነገር ነው፤ ሻዩ በረደ እንደምንለው። ሰው ሲበርደው የግሱ ባለቤት ሰውየው አይደለም። ስሙ የማይጠራ ነገር ነው የሚያበርደው። ስለዚህ ግሱ በ«እሱ» መልክ ይቆማል፤ ሰውየው ከኋላ ይቀጠላል፦ በረደኝ፣ በረደሽ፣ በረዳት፣ በረደን፣ በረዳቸው። «በረደ» ራሱ አልተነካም። የሚቀያየረው ጅራቱ ብቻ ነው።

በአሁን ጊዜ ደግሞ የበለጠ ይታያል። «እበርዳለሁ» አይባልም፣ «ይበርደኛል» ነው። «ትበርዳለች» ሳይሆን «ይበርዳታል»። ፊት ያለችው «ይ» ከቦታዋ አትነቃነቅም። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ አመመኝ፣ ደከመኝ፣ ሁሉም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ልጅቷ ደብረ ብርሃን ሆና «በረደኝ» የምትልበት ቀን አይጠፋም፤ ይህን ቶሎ ትለምደዋለች።

ታዲያ «እህቴንም» ላይ «ን» ለምን ገባች? እኔ «እህቴም በረዳት» ነው የምለው።

የአንቺም ልክ ነው፤ ስንነጋገር ሁላችንም እንደዚያ እንላለን። መጀመሪያ የምናወራለትን ሰው እንጠራለን፣ ከዚያ በጅራቱ እናመለክተዋለን። «ን»ዋን የጨመርኩት ለልጅቷ ስል ነው። «ን» ያለበት ስም የግሱ ባለቤት ሊሆን አይችልም። «ራሴን አመመኝ» በይና አስቢው። ራስሽ ባለቤት ቢሆን ኖሮ «ን» አይጠጋውም ነበር። ልጅቷ አንድ ሁለት ሳምንት «ን»ዋን እያስገባች ትጻፍ። ከዚያ ብትተዋትም ግሱን አትሳሳትም።

ለእኔም ገባኝ። እንግዲህ ጅራት ያለው ግስ ሁልጊዜ በ«እሱ» መልክ ነው ማለት ነው። እኔም ለልጆቼ እንደዚህ ነው የማስተምራቸው።

ግማሹ ልክ ነው፤ «ሁልጊዜ» የምትለዋን ግን አውጣት። ባለቤቱ ካልተጠራ አዎ። ባለቤቱ ካለ ግን ግሱ እሱን ይከተላል። «ናፈቀ»ን እንይ። እህቴ ናፈቀችኝ። ወንድሜ ናፈቀኝ። ወንድሞቼ ናፈቁኝ። ጅራቱ በሦስቱም «ኝ» ነው፣ ምክንያቱም የናፈቀው እኔን ነው። የግሱ አካል ግን ሦስት ጊዜ ተቀየረ። ልጆችህ በአንተ ደንብ ቢሄዱ «እህቴ ናፈቀኝ» ብለው ይጽፋሉ።

ቁጥር 2ም ከዚሁ ነው የሚመጣው። «አለኝ» ሲባል ባለቤቱ ያለው ነገር ነው፤ ባለሀብቱ አይደለም። እህት አለች፣ ለእኔ፤ «አለችኝ»። ወንድሞች አሉ፣ ለእኔ፤ «አሉኝ»። «እኔ አለሁ» ማለት በሕይወት አለሁ፣ ወይም እዚህ አለሁ ነው። ስለዚህ «ሁለት ወንድሞች አለሁ» ሰሚውን ግራ ያጋባዋል። ልጅቷን መጀመሪያ ጅራቱን ትታ «እህት አለች» እንድትል አድርጓት። ከዚያ «ኝ»ን ትቀጥልበት።

እናቴ መንዝ ናት። «አሥር በግ አለኝ» ትላለች እንጂ «አሥር በጎች አሉኝ» ስትል ሰምቻት አላውቅም። እናቴ ተሳስታለች?

በፍጹም። ቁጥሩ «አሥር» ብሎ ብዛቱን ተናግሯል። ስለዚህ ስሙ «በግ» ብሎ በነጠላ ሊቆም ይችላል፤ ግሱም በነጠላ ይከተለዋል። ስሙ «በጎች» ካለ ግን ግሱም «አሉ» ማለት አለበት። የእናትሽ አነጋገር ከራሱ ጋር ይስማማል። የማይስማማው «አሥር በጎች አለኝ» ነው። ይህንንም ቢሆን በወሬ ላይ ስንት ጊዜ እንሰማዋለን! እኔ በተማሪ ደብተር ላይ አርመዋለሁ፣ በገበያ ላይ ግን ማንንም አላርምም።

እኔ «ሄድሁ» እያልኩ ነው ያደግሁት። ከተማ ስመጣ «ሄድኩ» በል ይሉኛል። ይሄም የስምምነት ስህተት ነው እንዴ?

አይደለም ወንድሜ። ሁለቱም «እኔ»ን ነው የሚናገሩት፤ ባለቤቱና ግሱ ተስማምተዋል። ልዩነቱ የአነጋገር ነው። ሁለቱም ይጻፋሉ። አንድ ጽሑፍ ውስጥ ግን አንዱን መርጠህ ያዝ።

ቁጥር 4ን ዘለሉት። እኔ የማውቀው ግሱ አጠገቡ ካለው ስም ጋር እንደሚስማማ ነው። «እህቴ» ናት ቅርብ የሆነችው።

ቅርበት አይደለም የሚወስነው። ሁለቱም አንድ ላይ ባለቤት ናቸው፣ ስለዚህ ግሱ ብዙ ይሆናል። «ብዙ» ከሆነ በኋላ ግን የማን ብዙ? የሚለው ይቀራል፤ ልጅቷ የሳተችው እዚህ ነው። «ሄዱ» ስትል ራሷን ከመንገደኞቹ አወጣች። «እኔ» ካለበት «እኛ» ነው፦ እኔና እህቴ ሄድን። «እኔ» ከሌለ፣ «አንተ» ወይም «አንቺ» ካለበት «እናንተ» ነው፦ አንቺና እህትሽ ሄዳችሁ። ሁለቱም ከሌሉ ብቻ «እነሱ» ነው። ልጅቷ ሁለቱን ስሞች በአንድ ቃል ትተካ። «እኔና እህቴ» ማለት «እኛ» ነው። «እኛ ሄዱ» ብላ ስታነብ ጆሮዋ ራሱ ይነግራታል።

እኔ የቀበሌ ቃለ ጉባኤ ነው የምጽፈው። «ኮሚቴው ወሰነ» ልበል ወይስ «ወሰኑ»? አለቃዬ ሁልጊዜ ወደ «ወሰኑ» ይቀይረዋል።

«ኮሚቴው ወሰነ» በል። ሰዎቹን ማሳየት ከፈለግህ «የኮሚቴው አባላት ወሰኑ» በል፤ አለቃህም በዚህ ይስማማል ብዬ አስባለሁ።

«ሕዝቡ»ስ? «ሕዝቡ ወጣ» እና «ሕዝቡ ወጡ» ሁለቱንም እሰማለሁ።

እኔ «ወጣ» እላለሁ፤ «ሰዉ ሁሉ ወጣ» እንደምንለው። ግን አረፍተ ነገሩ ሲረዝም ጥሩ ጸሐፊዎችም «ሕዝቡ ተሰበሰበ» ብለው ጀምረው «ወደ ቤታቸው ተመለሱ» ብለው ሲጨርሱ አያለሁ። ሰዎቹ አንድ በአንድ እየታዩዋቸው ስለሚሄዱ ይመስለኛል። እኔ በነጠላ እጨርሰዋለሁ፤ የእነሱን ግን ስህተት ለማለት ይከብደኛል።

መምህር፣ ልጅቷ ያረሙትን አነበበችና አንድ ጥያቄ አላት፦ «ደከምኩ» ሲባል ሰምታለች። ከ«በረድኩ» በምን ይለያል?

ጎበዝ፣ በደንብ ሰምታለች! «ደከመ» ሁለት መንገድ አለው። ከአንኮበር ዳገት ወጥታ ጉልበቷ ካለቀ «ደከመኝ» ትበል። ድካሙ መጣባት እንጂ እሷ አላደረገችውም። ለአንድ ነገር ብዙ ከለፋች ግን «ለዚህ ጽሑፍ ብዙ ደከምኩ» ማለት ትችላለች። እዚያ ላይ የምትሠራው እሷ ናት፣ ባለቤቱም እሷ። ሰው ብርዱን አይሠራውም፤ ስለዚህ «በረድኩ» ያ ሁለተኛ መንገድ የለውም። «ጠማኝ»ን ደግሞ ራሷ ትሞክረውና ሁለት አረፍተ ነገር ጽፋ ትላክልኝ።